ስንት ቀን አለዎት? የብረት ፕሮግራምን በሳምንቱ ልክ መምረጥ

ጂንካ ላይ ብረት መሥራት የጀመረ ወጣት ፕሮግራሙን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ከስልኩ ነው። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራል፤ ሰኞ ደረትና ትከሻ፣ ማክሰኞ ጀርባ፣ ረቡዕ እግር እያለ። ጀማሪውም ያንኑ ይዞ ይነሣል። ሰኞና ማክሰኞ ደህና ይሄዳል። ረቡዕ ሥራ ያመሸዋል፣ ሐሙስ መንገድ ይወጣል፣ ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ከሰኞ፣ ከደረት ይጀምራል። ሁለት ወር ሲሞላ ደረቱ ትንሽ ሞላ ብሎ፣ እግሩ ግን እንደነበረ ይገኛል። ሰውየው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የስድስት ቀን ፕሮግራም ሦስት ቀን ላለው ሳምንት አይሆንም።

ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ያስተካክላል። በመጀመሪያ ቀኖች ይቆጠራሉ፣ ከዚያ በኋላ ፕሮግራም ይመረጣል። ምርጫው ከሦስት አንዱ ነው። የመጀመሪያው በአንድ ቀን ሰውነትን ሁሉ የሚያሠራው የሙሉ ሰውነት ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው አንድ ቀን ከወገብ በላይ፣ ሌላ ቀን ከወገብ በታች የሚሠራበት የላይና ታች ፕሮግራም ነው። ሦስተኛው ፑሽ-ፑል-ሌግስ የሚባለው ነው፤ አንድ ቀን የሚገፉ ጡንቻዎች (ደረት፣ ትከሻ፣ የክንድ የኋላ ጡንቻ)፣ ሌላ ቀን የሚስቡት (ጀርባና የክንድ የፊት ጡንቻ)፣ ሌላ ቀን እግር ይሠራበታል።

1. የእውነት ቀኖችዎን ይቁጠሩ

ደብተርና እስክሪብቶ ይያዙ። ያለፉትን አራት ሳምንታት አንድ በአንድ እያስታወሱ፣ ለስፖርት ቢያንስ አንድ ሙሉ ሰዓት በእርግጥ ክፍት የነበረባቸውን ቀኖች ይጻፉ። የሚጻፈው በእርግጥ ያለፈው ነው፤ ሊሆን ይችል የነበረውን ይተዉት። ከዚያ ከአራቱ ሳምንታት ቢያንስ በሦስቱ የተሟላውን ከፍተኛ ቁጥር ይውሰዱ። የእርስዎ የቀን ቁጥር እሱ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። አንድ ጂንካ ውስጥ ልብስ የሚሸጥ ነጋዴ አለ እንበል። ሐሙስ የቀይ አፈር ገበያ ስለሆነ ዕቃውን ጭኖ እዚያ ይውላል። ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ከቦታው አይነቃነቅም። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት ቤተ ዘመድ ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ክፍት ናቸው። «አራት ቀን አለኝ» ይላል። ያለፈውን ሲቆጥር ግን ሌላ ነገር ይወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት በእርግጥ አራቱም ቀን ክፍት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ከአርባ ምንጭ ዕቃ ስለመጣ ሦስት ቀረ። በሦስተኛው ሳምንት ለቅሶ ነበር፤ ሁለት ቀን ብቻ አገኘ። በአራተኛው ሦስት። አራት ቀን የተሟላው በአንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ ሦስት ቀን ግን በሦስት ሳምንታት ተሟልቷል። የነጋዴው ቁጥር ሦስት ነው።

እዚህ ላይ የሚሠራው የተለመደ ስህተት ጥሩውን ሳምንት ይዞ ማቀድ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ባለሙያ ደግሞ የመስክ ቀኖችን መርሳት የለበትም። ወደ ሐመር ወይም ዳሰነች ወርዶ አሥር ቀን የሚቆይ ሰው ወሩን በሙሉ ከተማ እንደሚውል ሰው ቢያቅድ ከመነሻው ተሳስቷል። መስኩ ከቀን ቁጥሩ ውስጥ ሳይገባ ለብቻው ይያዛል፤ በስድስተኛው ደረጃ እንመለስበታለን።

ከቀኖቹ ጎን አንድ ምልክት ይጨምሩ። ማሳ ቆፍረው፣ ቡና ተሸክመው ወይም ግንባታ ላይ ውለው የሚያመሹባቸውን ቀኖች በክብ ያጥሯቸው። እነዚህ ቀኖች ለስፖርት ክፍት ቢሆኑም ወገብዎ ደክሞ ይመጣል። ይህ ከባድ የእግርና የወገብ ሥራ የት እንደሚቀመጥ ይወስናል።

2. አንድ ጡንቻ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚደርሰው ያስሉ

ሦስቱን ፕሮግራሞች የሚለያቸው የሳምንቱን ሥራ እንዴት እንደሚያከፋፍሉ ነው። ጡንቻ ከባድ ሥራ ከሠራ በኋላ ራሱን የሚገነባበት ፍጥነት ከፍ ይልና ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ገደማ ቆይቶ ይወርዳል። በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ብራድ ሾንፌልድና ባልደረቦቹ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ሲመለከቱ፣ ጡንቻን በሳምንት ሁለት ጊዜ ማሠራት አንድ ጊዜ ከማሠራት የተሻለ ሆኖ አግኝተውታል። ከሦስት ዓመት በኋላ በወጣው ሥራቸው ደግሞ የሳምንቱ አጠቃላይ ሥራ እኩል ከሆነ የቀኑ ብዛት የሚያመጣው ልዩነት ትንሽ እንደሆነ አሳይተዋል። ሁለቱ አይጋጩም። በአንድ ቀን ለአንድ ጡንቻ አሥር ዙር ቢሠሩ የመጨረሻዎቹ ዙሮች በደከመ ጡንቻ የሚሠሩ ናቸው። ያንኑ አሥር ዙር ለሁለት ቀን ሲከፍሉት ግን ሁሉም ዙር ጉልበት ያገኛል።

ስለዚህ ሁለት ቁጥሮች ይበቁዎታል። እያንዳንዱ ትልቅ ጡንቻ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይነካ፤ በሳምንቱ በድምሩ ወደ አሥር የሚጠጋ ከባድ ዙር ይድረሰው። ለጀማሪ ከስድስት እስከ ስምንት ዙርም ይሠራል። ከባድ ዙር ማለት ሲጨርሱ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ተጨማሪ ማንሳት የሚችሉበት ነው። አሥር ተጨማሪ የሚያስነሣ ዙር አይቆጠርም።

አሁን ሦስቱን ፕሮግራሞች በነጋዴው ሦስት ቀን ላይ ያኑሯቸው። ሙሉ ሰውነት ቢሠራ እያንዳንዱ ጡንቻ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይደርሰዋል። ላይና ታች ቢሠራ አንድ ሳምንት ላይ ሁለት፣ ታች አንድ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ይገለበጣል። ፑሽ-ፑል-ሌግስ ቢሠራ ሁሉም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ሂሳቡ ይበልጥ የሚከፋው አንድ ቀን ሲቀር ነው፤ ቀን ደግሞ መቅረቱ አይቀርም። የሙሉ ሰውነት ሰው ከሦስት ቀን አንዱ ቢቀርበት አሁንም ሁሉም ጡንቻ ሁለት ጊዜ ሠርቷል። የፑሽ-ፑል-ሌግስ ሰው የእግር ቀኑ ቢቀርበት በዚያ ሳምንት እግሩ ምንም አልሠራም፤ ከእግር ወደ እግር አሥራ አራት ቀን ይሆናል። ፕሮግራም ሲመርጡ ሁሉም ነገር የተሟላበትን ሳምንት ትተው «አንድ ቀን ቢቀርብኝ ምን ይጎድላል?» ብለው ይጠይቁ። ለእኔ ከሁሉም መለኪያ የሚበልጠው ይህ ጥያቄ ነው።

3. ሁለት ወይም ሦስት ቀን ካለዎት፦ ሙሉ ሰውነት

ብዙው አንባቢ የሚመደበው እዚህ ነው፤ ስለዚህ በዝርዝር እንሂድበት። ሁለት የሥራ ቀኖች ያዘጋጁ፣ «ሀ» እና «ለ» ብለው ይሰይሟቸው። በሦስት ቀን ሳምንት መጀመሪያ ሀ፣ ለ፣ ሀ ይሠራሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ለ፣ ሀ፣ ለ። በመካከላቸው ቢያንስ የአንድ ቀን ዕረፍት ይኑር። የነጋዴው ሳምንት ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ይሆናል፤ የሐሙስና የቅዳሜ ገበያ ራሳቸው የዕረፍት ቀን ሆነው ያገለግሉታል። ማክሰኞ ባዶ ይቀራል፤ ሰኞ ቢቀርበት ወይም ረቡዕ እንደሚቀርበት አስቀድሞ ቢያውቅ ማካካሻው እሱ ነው።

የሀ ቀን አምስት እንቅስቃሴ አለው። ስኳት፣ ፑሽ አፕ ወይም ቤንች ፕሬስ፣ ጎንበስ ብሎ ክብደትን ወደ ሆድ መሳብ፣ በጀርባ ተኝቶ ዳሌን ማንሳት፣ በክርን ተደግፎ ሆድን አጥብቆ መቆየት። የለ ቀንም አምስት አለው። ጉልበትን በትንሹ ብቻ አጥፎ ከወገብ የሚጎነበሱበት ዴድሊፍት፣ ክብደትን ከትከሻ ወደ ላይ መግፋት፣ ፑል አፕ፣ ወደ ፊት እየተራመዱ መንበርከክ፣ በመጨረሻም የክንድ የፊት ጡንቻ። ሁሉንም ሦስት ሦስት ዙር፣ በዙር ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይሥሩ፤ ሆድ የሚጠበቅበት ብቻ በሰከንድ ይለካል፣ 30 ይበቃል።

ጊዜውን ያስሉት። አሥራ አምስት ዙር ነው። አንዱ ዙር 40 ሰከንድ ያህል ይወስዳል፣ ከኋላው ሁለት ደቂቃ ያርፋሉ። በጠቅላላው 40 ደቂቃ ይሆናል። ሰውነት ለማሟሟቅ ስምንት ወይም አሥር ደቂቃ ሲጨመር ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል። አንድ ሰዓት ከሩብ የሚፈጅብዎ ከሆነ በዙሮቹ መካከል ስልክ እያዩ ነው፣ ወይም እንቅስቃሴ ጨምረዋል ማለት ነው።

ዕቃ። ጂም ውስጥ ባር፣ ዳምቤልና ወንበር ካለ ሌላ አያስፈልግም። ከሌለ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ትልቅ ዕቃ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ክብደትን በትክክል መጨመር ይቻላል። በ10 ሊትር ይጀምሩ። በሦስቱም ዙር 12 ጊዜ ሲደርሱ አንድ ሊትር ይጨምሩና ወደ 8 ወይም 9 ጊዜ ይመለሱ። በግማሽ የተሞላ ጄሪካን ሲያነሡት ውሃው ይናጣል፣ ሚዛን ያስታል፤ ለስኳት ደረትዎ ላይ አጥብቀው ይቀፉት፣ ለመሳብ ደግሞ ቀስ ብለው ይሳቡት። 20 ሊትር ሲቀልዎ በውሃው ፋንታ ደረቅ አሸዋ ይግባበት። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፦ አሸዋ ከውሃ በጣም ይከብዳል፤ ሙሉ 20 ሊትር አሸዋ ከ30 ኪሎ በላይ ነው። ስለዚህ ጄሪካኑን በአንድ ጊዜ አይሙሉት። 12 ሊትር ያህል አሸዋ ከሙሉ ውሃ ክብደት ጋር ይቀራረባል፤ ከዚያ ይጀምሩ።

ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ አፍስሶ ሁለቱን በብረት ቱቦ ማያያዝ ብዙ ሠፈር የተለመደ ነው፤ ይሠራል። አራት ሊትር የሚይዝ የቀለም ጣሳ በኮንክሪት ሲሞላ ወደ ዘጠኝ ኪሎ ይሆናል። ሁለቱ ጣሳዎች እኩል መሆናቸውን የእህል ሚዛን ባለው ሱቅ ሳይመዝኑ ግን አይጠቀሙ። የአንድ ኪሎ ልዩነት በትከሻ ላይ በየቀኑ ይሰማል።

ለፑል አፕ በሁለት ምሰሶ መካከል የታሠረ ወፍራም የባሕር ዛፍ እንጨት ወይም የብረት ቱቦ ይበቃል። ከመንጠልጠልዎ በፊት ከእርስዎ የሚከብድ ጆንያ አንጠልጥለው ይሞክሩት። ፑል አፕ አንድም ጊዜ ካልቻሉ በወንበር ወደ ላይ ይውጡና አምስት ሰከንድ እየቆጠሩ በቀስታ ይውረዱ፤ በዙር አምስት ጊዜ ይበቃል። ብዙ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ፑሽ አፕ ብቻ እየሠሩ መሳቡን የሚተዉት የሚንጠለጠሉበት ስላጡ ነው። በዚህ ምክንያት ትከሻቸው ወደ ፊት ሊጎብጥ፣ ቆይቶም ሊያማቸው ይችላል። የገፉትን ያህል ይሳቡ።

በሙሉ ሰውነት ፕሮግራም የሚታየው ዋና ስህተት የመጀመሪያውን ቀን እስከ መጨረሻው ጉልበት መሥራት ነው። ሰኞ እግሩን አሟጥጦ የሠራ ጀማሪ ረቡዕ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል፣ ቀኑንም ይዘላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሦስት ዙር ፋንታ ሁለት ዙር ይሥሩ፤ ከዚያ ሦስተኛውን ይጨምሩ።

ሁለት ቀን ብቻ ካለዎት አንዱ ሀ፣ ሌላው ለ ይሁን፤ በመካከላቸው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይራቁ፤ ለምሳሌ ሰኞና ሐሙስ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴን በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ይመክራል፤ ሁለት ቀን ያለው ሰው ከዚያ አላነሰም።

4. አራት ቀን ካለዎት፦ ላይና ታች

አራት ቀን ማግኘት ብቻውን ወደዚህ ለመሸጋገር በቂ ምክንያት አይደለም። ሌላ ምልክት ይጠብቁ። ክብደቱ ሲጨምር ዕረፍቱ ይረዝማል፤ ከሁለት ደቂቃ ወደ ሦስት ይሄዳል፤ የሙሉ ሰውነት ቀንዎ ከ75 ደቂቃ ማለፍ ይጀምራል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት እንቅስቃሴዎችም ሁልጊዜ በድካም ይሠራሉ። ያኔ ሥራውን ለሁለት መክፈል ትርጉም አለው። ለአብዛኛው ሰው ይህ የሚመጣው ሳያቋርጥ ከአምስት ወይም ስድስት ወር በላይ ከሠራ በኋላ ነው።

የላይኛው ቀን ከሁለት መግፋትና ከሁለት መሳብ ይሠራል፤ ፊት ለፊት መግፋት፣ ወደ ሆድ መሳብ፣ ወደ ላይ መግፋት፣ ፑል አፕ፣ እያንዳንዱ ሦስት ዙር፣ በመጨረሻም ለክንድ ጥቂት ዙር። አንዱን ገፍተው ሌላውን ይሳቡ፤ የሚገፋው ጡንቻ ሲሠራ የሚስበው ያርፋል፣ ጊዜም ይቆጥባል። የታችኛው ቀን ስኳት፣ ዴድሊፍት፣ ወደ ፊት መንበርከክ፣ የባት ማንሳትና ሆድ ነው።

መደበኛው አቀማመጥ ሰኞ ላይ፣ ማክሰኞ ታች፣ ሐሙስ ላይ፣ ዓርብ ታች ነው። ሐሙስ መንገድ ለሚወጣ ሰው ሰኞ ላይ፣ ማክሰኞ ታች፣ ዓርብ ላይ፣ እሑድ ከሰዓት ታች ይሆናል። በክብ ያጠሯቸውን ቀኖች እዚህ ይመልከቱ። ማሳ ሲቆፍሩ በዋሉበት ቀን ማታ ወይም በማግሥቱ የታችኛውን ቀን አያስቀምጡ፤ የደከመ ወገብ ይዞ ዴድሊፍት መሥራት ለጉዳት ይዳርጋል። የላይኛውን ያስቀድሙ።

አንድ ቀን ቢቀር ወደ መጀመሪያው አይመለሱ፤ ካቆሙበት ይቀጥሉ። ሰኞ ላይ ሠርተው ማክሰኞ ቢቀር ቀጣዩ ቀን ታች ነው፤ ሐሙስ ይሁን ዓርብ ለውጥ የለውም። «ሳምንቱ በሰኞ ይጀመራል» የሚለው ልማድ ነው የብዙውን ሰው እግር ያስቀረው።

በአካባቢያችን በተደጋጋሚ የምሰማው ነገር አለ፤ «እኔ በእግሬ ብዙ እሄዳለሁ፣ እግር መሥራት አያስፈልገኝም» የሚል። መሄድ ለልብና ለትንፋሽ መልካም ነው። ነገር ግን በመንገድ ላይ እግር በሺህ የሚቆጠር ቀላል እርምጃ ይራመዳል፤ የጭን ጡንቻ የሚጠነክረው ደግሞ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ብቻ በሚያስነሣ ክብደት ነው። ራስዎን ይፈትኑ። ሙሉ የውሃ ጄሪካን ደረትዎ ላይ ታቅፈው ጭንዎ ከመሬት ጋር እስኪስተካከል ድረስ 12 ጊዜ ዝቅ ብለው ይነሡ። ዘጠነኛው ላይ የሚንቀጠቀጥ እግር መንገዱ አላጠነከረውም።

5. አምስት ወይም ስድስት ቀን ካለዎት፦ ፑሽ-ፑል-ሌግስ

ፑሽ-ፑል-ሌግስ ሦስት ስም ስላለው ለሦስት ቀን የተሠራ ይመስላል። ለስድስት ነው። ሦስቱ ቀኖች በሳምንት ሁለት ጊዜ ሲዞሩ ብቻ ነው እያንዳንዱ ጡንቻ ሁለት ጊዜ የሚደርሰው። ስድስት ቀን በእርግጥ ያለው ሰው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ መግፋት፣ መሳብ፣ እግር፣ መግፋት፣ መሳብ፣ እግር እያለ ይሄዳል። ቅዳሜ ገበያ ላይ የሚውል ሰው ይህን አይሞክር።

አምስት ቀን ላለው ሰው የተሻለው ቅልቅል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች መግፋት፣ መሳብና እግር ይሠራል፤ በቀሪዎቹ ሁለት ቀኖች ላይና ታች። ሁሉም ጡንቻ ሁለት ጊዜ ይነካል፣ አንድም አይቀርም።

ሦስት ነገሮች ካልተሟሉ ግን ቀኑ ቢኖርም ወደዚህ ባይገቡ ይሻላል። አንደኛው ዕቃ ነው። በአንድ ቀን መግፋትን ብቻ ሊሠሩ ከሆነ ቢያንስ ሦስት ዓይነት መግፋት ያስፈልግዎታል፤ አንድ ጄሪካንና አንድ እንጨት ብቻ ያለው ሰው አንዱን እንቅስቃሴ ደጋግሞ ከመሥራት በቀር ምርጫ የለውም። ሁለተኛው እንቅልፍ ነው፤ በሌሊት ሰባት ሰዓት የማይተኛ ሰው ስድስት ቀን ቢሠራ ክብደቱ አይጨምርም። ሦስተኛው ምግብ ነው። ጡንቻ ለመገንባት በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን በቂ ነው፤ 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ 104 ግራም ይመጣል። 100 ግራም ደረቅ ቦሎቄ ከ20 ግራም ትንሽ የሚበልጥ ፕሮቲን አለው፤ ቆጮና ጎደሬ ግን ጉልበት እንጂ ፕሮቲን የላቸውም ማለት ይቻላል። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን የሚጾም ሰው በዚያ ጊዜ ወደ ሦስት ቀን ቢመለስና ሥራውን ከሚበላበት ሰዓት አጠገብ ቢያደርገው፣ ስድስት ቀን ይዞ ከሚደክም የተሻለ ይወጣል።

አቀማመጡ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ብዙ ፕሮግራሞች ዴድሊፍትን በመሳብ ቀን ያስቀምጡታል፣ በማግሥቱ ደግሞ ስኳት ይመጣል። ወገብ ሁለት ቀን በተከታታይ ይጫናል። ዴድሊፍቱን ወደ እግር ቀን ያምጡት፤ በመሳብ ቀን ፑል አፕና ወደ ሆድ መሳብ ይበቃሉ።

6. ለመስክና ለሙቀት ተቀያሪ ይያዙ

ወደ ቱርሚ ወይም ኦሞራቴ ሲወርዱ የትኛውም ፕሮግራም ቢኖርዎ ወደ ሙሉ ሰውነት ይቀይሩት፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ። የተገነባን ጥንካሬ ለማቆየት የሚያስፈልገው ሥራ ለመገንባት ከሚያስፈልገው በጣም ያንሳል፤ ቁልፉ ዙሩን መቀነስ፣ ጥረቱን ግን አለመቀነስ ነው። ዕቃ የማይፈልጉ አራት እንቅስቃሴዎች ይበቃሉ። በአንድ እግር ወንበር ላይ ተቀምጦ መነሣት፣ እግርን አልጋ ላይ ሰቅሎ ፑሽ አፕ፣ የጉዞ ቦርሳን በዕቃ ሞልቶ ወደ ሆድ መሳብ፣ በአንድ እግር ዳሌ ማንሳት። ሁለት ሁለት ዙር።

ቆላው ከጂንካ በእጅጉ ይሞቃል። ፀሐይ ሳትወጣ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ ይሥሩ፤ ራስ ምታት፣ ማጥወልወል ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ወዲያው ያቁሙ፣ ጥላ ውስጥ ገብተው ውሃ ይጠጡ። ወደ ጂንካ ሲመለሱ በመጀመሪያው ቀን ከቀድሞው ክብደት ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ያንሡ። በሁለተኛው ቀን ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ።

7. ከስምንት ሳምንት በኋላ በደብተሩ ይፍረዱ

በየቀኑ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ እንቅስቃሴውን፣ ክብደቱን፣ ስንት ጊዜ እንዳነሡ። ስምንት ሳምንት ሳይሞላ ፕሮግራም አይቀይሩ፤ በየሦስት ሳምንቱ የሚቀይር ሰው የቱ እንደሠራለት አያውቅም።

በስምንተኛው ሳምንት መጨረሻ መጀመሪያ መገኘትዎን ይቁጠሩ። የነጋዴው እቅድ 24 ቀን ነበር። 21 ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘ ቁጥሩ ትክክል ነበር። 16 ብቻ ከተገኘ ችግሩ ፕሮግራሙ ላይ አይደለም፤ የእውነት ቁጥሩ ሁለት ነው፣ ወደ ሁለት ይውረድ። ከዚያ ክብደቱን ይመልከቱ። በአብዛኞቹ እንቅስቃሴዎች ላይ ክብደቱ ወይም ድግግሞሹ ከጨመረ አይንኩት። በብዙዎቹ ላይ ለሦስት ሳምንት ካልተነቃነቀና እንቅልፍም ከተበላሸ ቀን ወይም በየእንቅስቃሴው አንድ ዙር ይቀንሱ። እንቅልፉም ምግቡም ደህና ሆኖ ካልተነቃነቀ ደግሞ ዙር ይጨምሩ፤ ቀን የሚጨመረው ዙሩ በአንድ ሰዓት አልገባ ሲል ነው። የመገጣጠሚያ ሕመም ሲንቀሳቀሱ እየባሰ ከሄደ ያንን እንቅስቃሴ ይተዉት፤ ከሳምንት በላይ ከቆየ ወደ ሐኪም ይሂዱ። የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለባቸውና ነፍሰ ጡሮች ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ።

ነጋዴው በስምንት ሳምንት ውስጥ 22 ቀን ተገኘ እንበል። የስኳት ጄሪካኑ ከ10 ወደ 17 ሊትር አድጓል፣ ፑል አፕ ከምንም ወደ ሦስት ደርሷል፣ ሥራው በ55 ደቂቃ ያልቃል። ማክሰኞ አሁንም ክፍት ስለሆነ አራተኛ ቀን ለመጨመር ያስባል። አይጨምር። ክብደቱ እየጨመረ ነው፣ ጊዜውም ይበቃዋል። ማክሰኞ ማካካሻ ሆኖ ይቆይ፤ ያንን ቀን ከወሰደው ሌላ ቀን በሚቀርበት ሳምንት የሚተካበት አይኖረውም። ጄሪካኑ 20 ሊትር ሲሞላ አሸዋውን ያዘጋጅ።